ሲቪው ከመከፈቱ በፊት

ተመራማሪዎቹ ማሪያን ቤርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን ቦስተንና ቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች ላኩ። ኤሚሊ፣ ግሬግ፣ ላኪሻ፣ ጀማል የመሳሰሉትን ስሞች በዕጣ ደለደሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት፣ የነጭ የሚመስል ስም የያዘ ወደ 10 ሲቪ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር የሚመስለው 15 ያህል መላክ ነበረበት። መራጮች እንዲህ የሚያዳሉት ሳይታወቃቸው ሊሆን ይችላል።

ስምና ፎቶ መሸፈን ይረዳል፤ የምረቃ ዓመት ግን ዕድሜን ይናገራል። ስለዚህ መስፈርቱ አስቀድሞ ይጻፍ። ለሒሳብ ሠራተኛ ለምሳሌ፣ የወር ሒሳብ ለመዝጋት ልምድ እስከ 5 ነጥብ፣ ለግብር ሥራ እስከ 5። ሁለት መራጮች ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፤ ከተራራቁ እያንዳንዳቸው ማስረጃቸውን ከሲቪው ላይ ያሳዩ። መስፈርቱ ራሱ «ወጣትና ቀልጣፋ» ካለ ግን አድልዎው በነጥብ ተሰልቶ ይገባል።