የእጅ ባትሪ በወረቀት ላይ፦ የዑደት ንድፍ አሳሳል

ሁለት ድንጋይ የሚይዝ የድሮ የቆርቆሮ የእጅ ባትሪ ፈታታችሁ ውስጡን ብታዩ ሽቦ ብዙም አታገኙም። ክዳኑ ላይ የብረት ሞላ አለ። ድንጋዮቹ ተደራርበው ሞላው ላይ ይቀመጣሉ፤ የላይኛው ድንጋይ ጉብታ የአምፖሉን ታችኛ ጫፍ ይነካል። የአምፖሉ ጎን ደግሞ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ከቆርቆሮው ጋር ይገናኛል፤ ቆርቆሮው ራሱ ወደ ሞላው መመለሻ መንገድ ነው። ይህን ሁሉ እንደሚታየው ብንስለው የዕቃውን መልክ እናገኛለን እንጂ ኤሌክትሪኩ በየት በየት እንደሚያልፍ አናይም። በዑደት ንድፍ ላይ ግን ሞላውም ቆርቆሮውም ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ፤ ሁለቱም የሚሠሩት የሽቦን ሥራ ነውና።

ምልክቶቹን ማንም እንዳሻው አይፈጥራቸውም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በቁጥር 60617 ደረጃው ስለወሰናቸው፣ አዲስ አበባ የተሳለውን ንድፍ ቶኪዮ ያለ ባለሙያ ያነበዋል። ለእኛ ሦስቱ ይበቁናል። አንድ ድንጋይ የሚሳለው በሁለት ትይዩ ጭረቶች ነው፦ ረጅሙ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ኔጋቲቭ። አምፖል በውስጡ የ«ኤክስ» ምልክት ያለበት ክብ ነው። በቆዩ መጻሕፍት ክቡ ውስጥ ትንሽ ጥምዝ ሽቦ ተስሎ ልታዩ ትችላላችሁ፤ እሱም ያው አምፖል ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ሁለት ነጥብና ከአንደኛው ተነሥቶ ሌላውን ሳይነካ ወደ ላይ ያዘነበለ አጭር መስመር ነው። ባትሪው ጠፍቶ ሳለ የሚሳል ስለሆነ መስመሩ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን እርሳስና ማስመሪያ ይዘን እንሳል። መስመሮቹን ቀድሞ አስምሮ ምልክቶቹን በኋላ መሰካት ብዙ ያስጠፋል፤ ስለዚህ ምልክቶቹን እናስቀድም። በወረቀቱ ታችኛ ክፍል መሐል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር ጭረት አድርጉ፤ ሁለቱ ድንጋዮች እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ ከሥራቸው 3 ቮልት ብላችሁ ጻፉ። ከእነሱ ትይዩ፣ ከላይ፣ አምፖሉን አስቀምጡ። በቀኝ በኩል ማብሪያ ማጥፊያውን ሳሉ። ከዚያ ሦስቱን በቀጥታ መስመሮች አገናኙ፤ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ይሁኑ። መስመሩ የአምፖሉ ክብ ጠርዝ ላይ ይቁም፤ በድንጋዩ ሁለት ጭረቶች መካከልም አይለፍ። አራት ማዕዘን ቅርጽ ይወጣችኋል። ማብሪያ ማጥፊያው በቀኝ ሆነ በግራ ለውጥ የለውም፤ መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ የትም ቦታ ቢቋረጥ አምፖሉ ይጠፋል።

ስሕተትን ለማግኘት የእርሳሱን ጫፍ ረጅሙ ጭረት ላይ አኑሩና መስመሩን ተከተሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቷል ብላችሁ አስቡ። በአምፖሉ አልፋችሁ፣ እርሳሱን ሳታነሡ፣ ወደ መጨረሻው አጭር ጭረት መድረስ አለባችሁ። ማዕዘን ላይ የቀረች ትንሽ ክፍተት እንኳ በንድፍ ቋንቋ የተበጠሰ ሽቦ ማለት ናት። ረጅም ጭረት ከረጅም ጋር ፊት ለፊት ከገጠመ ደግሞ አንደኛው ድንጋይ ተገልብጧል፤ የሁለቱ ቮልቴጅ ይጣፋና አምፖሉ አይበራም።

ከሁሉ የከፋውና ጀማሪዎች የሚደጋግሙት ሌላ ነው፦ ማብሪያ ማጥፊያውን መንገዱ ላይ በመሰካት ፈንታ ከአምፖሉ ግራና ቀኝ በተነሣ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ መሳል። ሥዕሉ ሲያዩት ያምራል፤ እርሳሱን ስትከተሉ ግን በአምፖሉ ሳታልፉ መመለስ የምትችሉበት ሁለተኛ መንገድ ታገኛላችሁ። እንዲህ የተሠራ ባትሪ ማብሪያው ክፍት ሲሆን ይበራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። 2.5 ቮልት፣ 0.3 አምፔር የሚል አምፖል በርቶ ሳለ 8 ኦም ያህል ይከላከላል፤ የተዘጋው ማብሪያ ግን መከላከሉ ዜሮ ያህል ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል በሙሉ በማብሪያው በኩል ይነጉዳል፤ ይህ ሾርት ነው። ድንጋዮቹ ይግላሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ወረቀት ላይ ግን በላጲስ ይስተካከላል፤ መጀመሪያ መሳል የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የእጅ ባትሪያችሁ ኤልኢዲ ከሆነ ክቡ አያገለግልም። በምትኩ ጫፉ ላይ ጭረት ያለው ሦስት ማዕዘን ይሳልና ከጎኑ ብርሃኑን የሚያመለክቱ ሁለት ትናንሽ ቀስቶች ወደ ውጭ ይወጣሉ። አምፖል ቢገለበጥም ይበራል፤ ኤልኢዲ ግን አቅጣጫ ይመርጣል። በንድፉ ላይ የሦስት ማዕዘኑ ጭረት ያለበት ጫፍ መስመሩን ተከትሎ ወደ ድንጋዩ አጭር ጭረት የሚያመራው መሆን አለበት።