እንዴት ይሠራል? ከሺህ ዓይን ግማሽ ጠያቂ

ጠዋት ፌስቡክ ሲከፍቱ በአውራ ጣትዎ ገፋ አድርገው የሚያልፉትን ማስታወቂያ ያስቡ። እርስዎ አላዩትም ማለት ይቻላል። ያስነገረው ሰው ግን ለዚያች ቅጽበት ከፍሏል።

አሁን ወንበር እንቀያየር። አነስተኛ የልብስ ስፌት ማሰልጠኛ አለዎት፤ ነገ ማስታወቂያ ሊያስነግሩ ነው። ምን ያህል ውጤት ይጠብቁ? ከታች ያሉትን ቁጥሮች ለምሳሌ የያዝኳቸው ስለሆኑ በራስዎ ይተኳቸው።

ከገንዘብ ሣጥኑ እንጀምር። ኪራዩ፣ የአስተማሪው ደመወዝና ክሩ ሁሉ ተቀንሶ ከአንድ ተማሪ 2,000 ብር ይተርፍዎታል። ስልካቸውን ከሚተዉልዎት 10 ሰዎች ደግሞ 2ቱ ይመዘገባሉ። እንግዲህ አንድ ጠያቂ፣ ባለሙያዎቹ «ሊድ» የሚሉት፣ ለእርስዎ 400 ብር ያወጣል። ይህ ጣሪያው ነው። 400 ከፍለው ካመጡት ለፍተው ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ።

«ከ10 ሁለት» የሚለው የሚገኘው ከስልኩ አጠገብ ካለው ደብተር ነው። ጎረቤት የላከው ሰው ወስኖ ስለሚመጣ፣ ከማስታወቂያ ከመጣው ጋር አብረው አይቁጠሩት፤ ጣሪያውን ያለአግባብ ከፍ ያደርግብዎታል።

ቀጥሎ ከበሩ እንነሳ። ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ሲታይ 60 ብር ይቆርጥብዎታል እንበል። ከሺው 10 ጊዜ ሊንኩ ይነካል፤ የክሊኩ መጠን 1 በመቶ ሆነ፣ አንዱ ክሊክም 6 ብር። ወደ ገጹ ከገቡት 100 ሰዎች 5ቱ ስልካቸውን ይሞላሉ። ያ ማለት አንድ ጠያቂ ለማግኘት 20 ክሊክ፣ 120 ብር። ከሺህ ዓይን የሚተርፈው እንግዲህ ግማሽ ጠያቂ ነው!

ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው፦ የክሊኩ መጠን፣ የሚሞላው ሰው መጠንና የጠያቂው ዋጋ የተሳሰሩ ስለሆኑ ሁሉንም እንዳሻዎ መምረጥ አይችሉም። ማስታወቂያው ላይ «በነፃ!» ብለው በትልቁ ቢጽፉ ክሊኩ ወደ 3 በመቶ ሊዘል ይችላል። ክፍያ መኖሩን ገጹ ላይ ሲያነቡ ግን ብዙዎቹ ይወጣሉና የሚሞላው ከ100 አንድ ይሆናል። ያስሉት፦ 1,000 ዕይታ፣ 30 ክሊክ፣ 0.3 ጠያቂ። አንዱ 200 ብር ገባ። ክሊኩ ሦስት እጥፍ ሆኖ ጠያቂው ተወደደ። ለክሊክ ብቻ ዒላማ ያወጣ ሰው ግን በዚህ ያጨበጭባል። (ሲቆጥሩ Link clicks የሚለውን ይዩ፤ Clicks (all) ላይክንም ይደምራል።)

ከ100 አምስት ማለት ከየ20ው ሁልጊዜ አንድ ማለት አይደለም፤ ይህን ለማየት አሁን ወደ ጓዳ ይግቡ። 95 ነጭ ቦሎቄና 5 ቀይ ቦሎቄ ሳህን ላይ ይቀላቅሉ። ዓይንዎን ጨፍነው 20 ፍሬ ያውጡና ቀዩን ይቁጠሩ። መልሰው ቀላቅለው አሥር ጊዜ ይድገሙት።

በአማካይ አንድ ቀይ ይወጣል። ነገር ግን ከአሥሩ ሦስት ጊዜ ያህል ምንም አይወጣም፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ይወጣል። ሳህኑ ውስጥ ያለው 5 በመቶ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እጅዎ ያገኘው ነው። በመጀመሪያው ቀን 20 ክሊክ አይቶ «ማስታወቂያው ሞተ» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ባዶ እፍኝ አይቶ ሳህኑን የሚደፋ ነው።

ስለዚህ ዒላማው አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይጻፍ። 2,400 ብር ቢመድቡ 400 ክሊክ ያገኛሉ፤ የሚጠበቀው 20 ጠያቂ ነው። በዕድል ብቻ ግን ከ11 እስከ 29 ሊዋዥቅ ይችላል፤ የአንዱ ዋጋም ከ83 እስከ 218 ብር። ክፉው ጫፍ 218 እንኳ ከ400 ጣሪያ በታች ስለሆነ ማስነገሩ ያዋጣል። ጣሪያዎ 150 ብር ቢሆን ኖሮ፣ 120 የምትለዋ አማካይ እያማረች ልታከስርዎት ትችል ነበር።

የራስዎ የቆየ መዝገብ ከሌለዎት 60 ብሩም፣ 1 በመቶውም፣ 5 በመቶውም ግምት ናቸው። ከሌላ ሥራ ከተዋሱ፣ ለምሳሌ ጫማ ከሚሸጥ ወዳጅዎ፣ አይገጥሙም፤ ጫማ ለመግዛትና ለወራት ስልጠና ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ልብ የተለያየ ነው። በትንሽ ብር ሞክረው የራስዎን ይለኩ።

አንድ መስመር ደግሞ ማስታወቂያው ሳይጀመር ወረቀት ላይ ይስፈር፦ 60 ሰው ገብቶ አንድም ካልሞላ፣ አቁመህ ፈትሽ። እውነተኛው መጠን 5 በመቶ ቢሆን ይህ የሚደርሰው ከ20 አንዴ ገደማ ነው፤ ለማወቁም የወጣው 360 ብር ብቻ። ሲፈትሹ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ከመቀየርዎ በፊት ዋይፋዩን ያጥፉ፣ ገጹን በስልክዎ ይክፈቱና ቅጹን እስከ መጨረሻው ራስዎ ይሙሉት።