የንድፍ ሪፖርት ግምገማ፦ የአስተያየት ክብደትና አገላለጽ

የንድፍ ሪፖርት ገምጋሚ ለሙያ ባልደረባው በአማርኛ አስተያየት ሲጽፍ የጉድለቱን ክብደትና የአዘጋጁን ክብር አብሮ መጠበቅ ይኖርበታል። ችግር የሚፈጠረው ክብሩን ለመጠበቅ ሲባል ግሱ ሲለሳለስ ነው። «ቢታረም መልካም ነው» የሚለው አገላለጽ ምርጫውን ለአዘጋጁ ይተዋል። የፊደል ግድፈትም መንገድ የሚያስቆርጥ ስሕተትም በዚሁ ቃል ከቀረቡ፣ ሁለቱ እኩል መስለው ይታያሉ።

ለምሳሌ አንድ ሪፖርት ከገጠር መንገድ በታች ለሚሠራ ካልቨርት የጎርፍ መጠን አስልቷል እንበል። የተፋሰሱ ስፋት 1.8 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የዝናቡ ጥንካሬ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ነው። ከዝናቡ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን የሚያመለክተው ኮኤፊሸንት 0.20 ስለ ተባለ ጎርፉ በሴኮንድ 6 ሜትር ኩብ ሆኗል፤ ካልቨርቱም 8 ሜትር ኩብ እንዲያሳልፍ ተነድፏል። ይሁን እንጂ ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘው ካርታ ተፋሰሱ ተዳፋትና የታረሰ ሸክላ አፈር መሆኑን ያሳያል። ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት 0.40 ሲወሰድ ውጤቱ እጥፍ ይሆናል፦

```
Q = 0.278 × 0.40 × 60 × 1.8 = 12.0
```

አስተያየቱም እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «አንደኛ ደረጃ፤ ከመጽደቁ በፊት የሚፈታ። በጎርፍ ስሌቱ የተወሰደው 0.20 በካርታው ከተመለከተው የታረሰ ተዳፋት ጋር አይጣጣምም። በ0.40 ሲሰላ ጎርፉ በሴኮንድ 12 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ ካልቨርቱ የሚያሳልፈው ግን 8 ነው። ስሌቱ ይታረም፤ የካልቨርቱም መጠን እንደገና ይወሰን።»

እዚህ ላይ የተነቀፈው ቁጥሩ እንጂ ሰው አይደለም። «አዘጋጁ ተሳስተዋል» ቢባል ግሱ የአክብሮት ቅርጽ ቢይዝም ክሱ በሰውየው ላይ ይቀራል። «ይታረም» ግን ማንንም ሳይጠራ ያዝዛል። በአማርኛ ግስ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ አንባቢው የግዴታውን ክብደት የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ደረጃው ከፊት የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚቀመጠው ማስረጃ የጎደለው ነገር ነው፦ «የ60 ሚሊ ሜትሩ ምንጭና የድግግሞሽ ዘመን ይገለጽ።» መልሱ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ይህ ነጥብ ወደ አንደኛ ደረጃ ይወጣል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በሥዕሉና በጽሑፉ መካከል ላለ የአጻጻፍ ልዩነት፣ «ቢስተካከል መልካም ነው» ተገቢ ቦታውን ያገኛል።

አዘጋጁ «አስተያየቱ ታይቷል» ብለው ቢመልሱ የአንደኛ ደረጃው ነጥብ አልተዘጋም። የሚዘጋው አዲሱ ስሌትና የተለወጠው የካልቨርት ሥዕል ሲቀርቡ፣ ወይም 0.20 ትክክል መሆኑ በመስክ ማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። ይህን ሁለተኛውን በር ክፍት መተው ራሱ አክብሮት ነው፤ ገምጋሚው መሬቱን በካርታ ብቻ ሲያይ፣ አዘጋጁ ግን በእግራቸው ሄደው አይተውት ሊሆን ይችላልና።