ከግርጌ ወደ ቅንፍ

ኤድዋርድ ጊቦን ስለ ሮማ መንግሥት ውድቀት የጻፈው ዝነኛ ታሪክ የመጀመሪያ ቅጹ እ.ኤ.አ. በ1776 ለንደን ውስጥ ሲታተም፣ ማስታወሻዎቹ በሙሉ የተቀመጡት መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነበር። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም መጽሐፉን እጅግ ወደደው፤ ማስታወሻ በጠቀሰ ቁጥር ወደ ኋላ እየገለበጠ መፈለጉ ግን አሰለቸው። ለአሳታሚው ለዊልያም ስትራሃን በጻፈው ደብዳቤ፣ ማስታወሻዎቹ ከየገጹ ግርጌ ወይም ከጎን ቢታተሙ እንደሚሻል አሳሰበ። ሂዩም በዚያው ዓመት ሞተ፤ ማስታወሻዎቹ በኋለኞቹ ዕትሞች ወደ ግርጌ ወረዱ።

ዛሬ ማስታወሻ ከቦታ ቦታ የሚያዛውረው የትምህርት ክፍል መመሪያ ነው። የታሪክ ተማሪ በአብዛኛው የለመደው በቺካጎ መመሪያ መሠረት ምንጩን በግርጌ ማስታወሻ ማስፈር ነው። ሥነ ትምህርት፣ ሥነ ልቦና፣ ሶሺዮሎጂና የመሳሰሉት ክፍሎች ደግሞ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣውን፣ በምኅጻሩ ኤፒኤ የሚባለውን ሥርዓት ያዝዛሉ። በዚህ ሥርዓት የጸሐፊው ስምና የኅትመት ዓመቱ እዚያው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ በቅንፍ ይገባል፤ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በዋቢ ጽሑፎች ስር ይቀመጣል። እናም በታሪክ የሠራውን ጽሑፍ ይዞ ወደ ሌላ ክፍል የተሻገረ ሰው፣ ወይም ከታሪክ ቴሲሱ አንዱን ምዕራፍ ለማኅበራዊ ሳይንስ መጽሔት የላከ ሰው፣ “ይዘቱ ጥሩ ነው፤ ሪፈረንሱን አስተካክለህ መልሰው” መባሉ አይቀርም።

የታዘዘው ማስታወሻዎቹን ከገጽ ግርጌ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ መውሰድ ብቻ ከሆነ ሥራው የደቂቃዎች ነው። በማይክሮሶፍት ወርድ References የሚለው ስር Footnotes ከተባለው ክፍል ጥግ ያለችውን ትንሽ ቀስት መጫን፣ ከዚያ Convert የሚለውን መርጦ ሁሉንም ማዛወር ነው። ቁጥሮቹ ወደ i፣ ii፣ iii መለወጣቸው ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የወርድ ነባሪ አሠራር ስለሆነ ግን እዚያው መስኮት ላይ Number format በሚለው ወደ 1፣ 2፣ 3 ይመለሳል። ሌላው የሚገጥመው ነገር ማስታወሻዎቹ ከዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር በኋላ፣ ከሰነዱ ጅራት ላይ መውደቃቸው ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ እንዲሆኑ ከተፈለገ ምዕራፎቹን በሴክሽን ብሬክ ለይቶ End of section የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። “ከላይ ማስታወሻ 12ን ይመልከቱ” እየተባለ በእጅ የተጻፈ ካለ ደግሞ፣ ቁጥሩ በየምዕራፉ እንደገና ከ1 ሲጀምር ወደ ሌላ ቦታ ይመራልና አንድ በአንድ መታየት አለበት።

ወደ ቅንፍ መግባቱ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ለዚህ የሚጫን ቁልፍ ወርድ የለውም፤ ምክንያቱም ግርጌ ያለው ጽሑፍ ለወርድ ዝም ብሎ ጽሑፍ ነው፤ የትኛው የጸሐፊ ስም፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ አያውቅም። እንደ ዞቴሮ ያለ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ተጠቅሞ የጻፈ ሰው ይቀልለዋል፤ የአጠቃቀስ ስልቱን ሲለውጥ ፕሮግራሙ ራሱ ያስገባቸው ማስታወሻዎች ወደ ቅንፍ ይለወጣሉ። በእጁ የጻፈ ግን በእጁ ይቀይራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ላይ የተጻፈ አማርኛ ጥናት አለ እንበል። ማስታወሻ 14 “ዘውዴ ገብረ ሥላሴ፣ ዮሐንስ አራተኛ፣ ገጽ 84” ይላል። ማስታወሻ 15 “ዝኒ ከማሁ፣ ገጽ 91” ነው። ማስታወሻ 16 ደግሞ “ተክለ ጻድቅ መኩሪያ፣ ዐፄ ዮሐንስና የኢትዮጵያ አንድነት፣ ገጽ 210” ብሎ ይጀምርና፣ ሁለቱ ጸሐፊዎች የት ላይ እንደሚለያዩ አራት መስመር ሐተታ ያክልበታል።

መጀመሪያ የሚነሣው “ዝኒ ከማሁ” ነው። በቅንፍ ሥርዓት ቦታ የለውም፤ የሚያመለክተው ምንጭ ራሱ መጻፍ አለበት። ችግሩ “ዝኒ ከማሁ” ሁልጊዜ የሚያመለክተው ከበላዩ ያለውን ማስታወሻ መሆኑ ነው። ጸሐፊው በእርማት ጊዜ አንድ አንቀጽ ከገጽ 30 ወደ ገጽ 22 አንሥቶ ከሆነ፣ ወይም በ14 እና በ15 መካከል አዲስ ማስታወሻ አስገብቶ ከሆነ፣ ያቺ አጭር ቃል ሳይታወቅ ሌላ መጽሐፍ ላይ ተለጥፋለች። ስለዚህ ወደ ቅንፍ ከመገባቱ በፊት ግርጌው ላይ እንዳለ እያንዳንዱን “ዝኒ ከማሁ” በሙሉ ስም መተካት፣ ጥርጣሬ ባለበትም መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ማየት ይሻላል። ብዙ ሰው የቆየ ስሕተቱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ስሙ ይመጣል፤ ለኢትዮጵያ ጥናት ከባዱ ቦታ ይኸው ነው። ኤፒኤ የጸሐፊውን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ግን ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ፣ ወይም ዝም ብሎ ያመነው ፕሮግራም፣ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ሥራ “ዘውዴ” ብሎ ያስገባል። የደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴን ደግሞ፣ ኢትዮጵያዊ ስም መሆኑ ትዝ ባለው ጊዜ፣ እንዲሁ “ዘውዴ” ይላል። ያኔ አንዱ ገጽ ላይ (ዘውዴ፣ 1975)፣ ሌላው ገጽ ላይ (ዘውዴ፣ 2002) ይመጣና አንባቢው ሁለቱንም የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ያነባቸዋል። ግርጌ ላይ ሙሉ ስም ስለነበር ይህ ጣጣ አልነበረም። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የቆየው ልማድ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መደርደር ነው፤ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም የሚከተለው ይህንኑ ነው። መምሪያው ካልከለከለ በስተቀር በቅንፍም ሙሉ ስሙን መጻፍ፣ ማለትም (ዘውዴ ገብረ ሥላሴ፣ 1975)፣ መደናገሩን ከሥሩ ያጠፋዋል። በዞቴሮ የጸሐፊውን ስም ለሁለት ከመክፈል ይልቅ ባለ አንድ ሣጥን አድርጎ ማስገባት ይቻላል፤ እንደዚያ ሲሆን ፕሮግራሙ ስሙን አይገለብጠውም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ አንዳንዴ ያስቸግራሉ። ሲልቪያ ፓንክረስትም ልጇ ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ኢትዮጵያ ጽፈዋል፤ እናትና ልጅ በአንድ ጥናት ከተጠቀሱ ኤፒኤ የመጀመሪያ ስማቸው ፊደል እንዲጨመር ያዝዛል።

ዓመቱስ? የግርጌ ማስታወሻ ላይ ዓመት ከአሳታሚው ስም ቀጥሎ፣ ብዙም ሳይታይ የሚቀመጥ ነገር ነው። በአጭሩ የተጠቀሰ ማስታወሻ ላይ ጭራሽ አይኖርም፤ ምሳሌያችን ውስጥ ያሉት ሦስቱም ዓመት የላቸውም። በቅንፍ ግን ዓመቱ ከስሙ እኩል ፊት ይወጣል። የደጃዝማች ዘውዴ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ኦክስፎርድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ ደግሞ አዲስ አበባ በ1982 ዓ.ም. ወጣ። ያለ ምልክት (ዘውዴ ገብረ ሥላሴ፣ 1975፤ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ፣ 1982) ተብሎ ሲቀመጥ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ያለ ይመስላል። 1982 ዓ.ም. ግን በፈረንጆቹ ከ1989 መስከረም እስከ 1990 መስከረም ነው፤ ልዩነቱ በእጥፍ ይበልጣል። ማን ማንን አንብቦ ጻፈ በሚል ክርክር ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መላው አንዱን አቆጣጠር መሠረት አድርጎ በመግቢያው መግለጽና፣ ከዚያ ውጭ የሆነውን እያንዳንዱን ዓመት ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. እያሉ ምልክት ማድረግ ነው። ወሩ የማይታወቀውን አማርኛ መጽሐፍ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መለወጥ ግድ ካለም 1989/90 ብሎ መጻፍ ከግምት ያድናል።

የማስታወሻ 16 አራት መስመር ሐተታ ገና አልተነካም። ቅንፍ ሐተታ አይችልም። ክርክሩን የሚያጠነክር ከሆነ ወደ ዋናው አንቀጽ ይገባል፤ የጎንዮሽ ወሬ ከሆነ ይወጣል። ኤፒኤ ማብራሪያ ለሆነ የግርጌ ማስታወሻ ፈቃድ ስላለው ጥቂቱ እዚያው ሊቆይም ይችላል። ብዙ ተማሪ ሁሉንም አንቀጽ ውስጥ ይጨምራል፤ ጽሑፉ የሚንዛዛውም በዚህ ነው።

የቃል መረጃ ሰጪዎች ጉዳይ ከሁሉ የተለየ ነው። በታሪክ ክፍል አባት እገሌን፣ ወይዘሮ እገሊትን በስምና በቃለ መጠይቁ ቀን መጥቀስ የማስረጃ ግዴታ ነው፤ በጽሑፉ መጨረሻም የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይታከላል። በኤፒኤ ግን አጥኚው ራሱ ለጥናቱ ያነጋገራቸው ሰዎች እንደ ምንጭ አይጠቀሱም፤ ቃላቸው እንደ መረጃ ይቀርባል፣ ማንነታቸውም ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል። ሁለቱ ልማዶች የሚጋጩት በቅርጽ ብቻ አይደለምና ይህን ውሳኔ ተማሪው ብቻውን ሊወስነው አይገባም፤ አማካሪውን መጠየቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ከተለየ በኋላ መቀየሩ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ሰነዱ በሌላ ስም ይቀመጣል። በወርድ መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ `^f` ሲጻፍ ጠቋሚው ከአንዱ የግርጌ ቁጥር ወደ ሌላው ይዘላል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቅንፉ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አደገኛ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ላይ ያለው ቁጥር ሲሰረዝ ግርጌ ያለው ማስታወሻ አብሮ ይሄዳልና። የነጥቡም ቦታ ይለወጣል፦ የግርጌ ቁጥር ከአራት ነጥብ በኋላ ይሰፍር ነበር፤ ቅንፉ ግን ከአራት ነጥቡ በፊት ይገባል። የገጽ ቁጥርን ኤፒኤ በግድ የሚጠይቀው ቃል በቃል ለተወሰደ ጥቅስ ቢሆንም፣ ከግርጌው ያለውን ሁሉ ይዞ መሻገር ይመረጣል፤ አንዴ የተጣለ የገጽ ቁጥር መልሶ መገኘቱ ያጠራጥራል።

መጨረሻ ላይ ሁለት ፍለጋዎች ይቀራሉ። አንዱ “ዝኒ ከማሁ” የሚለውን ጽፎ ምንም አለመገኘቱን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው የመክፈቻ ቅንፍ ምልክትን እየፈለጉ እያንዳንዱን ስም ከዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው። በቺካጎ ሥርዓት ተነበው ያልተጠቀሱ መጻሕፍትም ዝርዝሩ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ በኤፒኤ ግን ጽሑፉ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ የተጠቀሰ ሁሉም እዚያ መገኘት አለበት። ባለ ሦስት ገጽ የነበረው ዝርዝር በዚህ ማጣሪያ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።