ቁጥሩ ገጠመ፣ ስሙ ግን የለም

አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር የአባላቱን መዝገብ ከአሮጌው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ ሲያዛውር አብሬ ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ጀመርን፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩ ጨረስኩ አለ። የአሮጌው የአባላት ሰንጠረዥ 48,216 ረድፍ ነበረው፤ አዲሱም 48,216 ሆነ። ሁላችንም እፎይ አልን። አብራን ያመሸችው የሒሳብ ሠራተኛ ግን «እስቲ የእናቴን ደብተር አውጡልኝ» አለች። የአባልነት ቁጥሩን አስገባን። ቀሪ ሒሳቡ ልክ ነው፤ በስሙ ቦታ ላይ ግን የወጣው ይህ ነበር፦

```
???? ???
```

አራት ፊደል የነበረው የእናትየው ስም አራት የጥያቄ ምልክት፣ ሦስት ፊደል የነበረው የአያትየው ስም ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ሌላ አባል ጠራን፤ እሱም እንደዚያው። አበበም፣ ከበደም፣ ታደሰም ሁሉም `???` ሆነው ተኝተዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ በአዲሱ ሰንጠረዥ የስም ዓምዱ የተፈጠረው `latin1` በሚባለው የፊደል ኮድ ነበር። ይህ ኮድ ቦታው 256 ብቻ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል አንድም አይገባበትም። ዳታቤዙ በጥብቅ ሥርዓት ቢሠራ ኖሮ ስሙን አልቀበልም ብሎ ይቆም ነበር። የቅጂው ትእዛዝ ግን `INSERT IGNORE` ተብሎ ተጽፏል። ይህ ትእዛዝ ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ አድርጎ ያልፋል፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ማንም አላነበበውም። ረድፎቹ ሁሉ ገቡ፣ ስሞቹ ሁሉ ጠፉ፣ ቆጠራው ምንም አላየም። የረድፍ ቆጠራ የሚመልሰው ጥያቄ «ስንት?» የሚለውን ብቻ ነው፤ «ምን?» የሚለውን አይመልስም።

ስሙ ቢያንስ ዓይን ላይ ይወድቃል። ይበልጥ ያስፈራኝ ቀኑ ነው። አሮጌው መዝገብ የተመዘገቡበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በጽሑፍ መልክ ይዞታል፤ አዲሱ ዓምድ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2009 በአሮጌው `2009-13-05` ተብሎ ተቀምጧል። አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ዳታቤዙ `0000-00-00` አደረገው። ጥቅምት 30ም እንዲሁ ሆነ፤ በሁለተኛው የፈረንጅ ወር 30ኛ ቀን የለምና። እነዚህን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። የካቲት 15 ቀን 2009 ግን `2009-06-15` ሆኖ ያለ አንዳች ቅሬታ አለፈ፤ ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን `2017-02-22` ሆኖ ሳለ አባሉ ከስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ የተመዘገበ መሰለ። ወለድ በዚህ ቀን ቢሰላ ማህበሩ ያልነበረ ዕዳ ይሸከማል። ስለዚህ ቀንን ስንፈትን ወደ ዜሮ የተለወጡትን መቁጠር አይበቃም። የታወቁ ቀኖችን፣ በተለይ የጳጉሜንንና የመስከረም መጀመሪያን፣ በእጅ አስልቶ ከተዛወረው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ቆጠራውን ራሱን መረመርን። ጠቅላላ ድምሩን ትተን በየቅርንጫፉ ከፋፈልነው፦

```sql
SELECT branch_id, COUNT(*),
       COUNT(DISTINCT member_no), SUM(balance)
FROM members
GROUP BY branch_id;
```

ያንኑ ጥያቄ በሁለቱም ዳታቤዝ ላይ አስኬድነው። በአሮጌው 6,112 አባል የነበረው ሦስተኛው ቅርንጫፍ በአዲሱ 6,072 ሆኗል፤ 4,890 የነበረው አምስተኛው ደግሞ 4,930። አርባ ጎድሏል፣ አርባ ተርፏል፤ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተዋል። በቅጂው መሃል መስመር ተቋርጦ ነበር። ሥራው እንደገና ሲጀመር አንዱን ክፍል ደገመው፣ ሌላውን ዘለለው። አዲሱ ሰንጠረዥ ለየረድፉ የራሱን መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ ድግግሞሹ ከምንም ጋር አልተጋጨም። ያጋለጠው `COUNT(DISTINCT member_no)` ነው፤ በአምስተኛው ቅርንጫፍ ረድፉ 4,930 ሲሆን የተለያየ የአባልነት ቁጥር ግን 4,890 ብቻ ነበር።

ድምርም ብቻውን አይታመንም። የሁለት አባላት ቀሪ ሒሳብ ቢቀያየር የቅርንጫፉ ድምር አይነቃነቅም። ለዚህ የሚበጀው ለእያንዳንዱ ረድፍ ሃሽ ማውጣት ነው። ሃሽ ከረድፉ ይዘት የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ኮድ ነው፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ኮዱ ሌላ ይሆናል። በሁለቱም በኩል ይወጣል፣ በአባልነት ቁጥር ይገጣጠማል፣ የማይመሳሰለው ይለያል። መጀመሪያ ግን አጻጻፉን ማስማማት ይገባል፤ አንዱ 150.5 ሌላው 150.50 ብሎ ከጻፈ ገንዘቡ አንድ ሆኖ ሳለ ሃሹ ይለያያል፣ እውነተኛው ስህተትም በሺህ የሐሰት ማንቂያ ውስጥ ይደበቃል።

ያን ሌሊት መመለስ ቀላል ነበር። አዲሱን ዳታቤዝ ገና ማንም አልነካውም፤ ፕሮግራሙን ወደ አሮጌው መልሰን አዞርነው። ችግሩ የታወቀው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ኖሮስ? እስከዚያ መቶ ሰው ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል። ወደ አሮጌው ብንመለስ የእነዚህ ሰዎች ደረሰኝ በእጃቸው ይቀራል፣ መዝገቡ ግን አያውቀውም።

መረጃው ራሱ በደህና ተዛውሮም ነገሩ ሊበላሽ ይችላል። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2010፣ በፈረንጅ 2018፣ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን መዝገብ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ እንዳረጋገጡት መረጃው በደህና ገብቶ ነበር፤ የወደቀው የተሸከመው ሲስተም ነው። እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሒሳቡን መክፈት አቃተው፣ ሥራውም ወደ ቀድሞው የተመለሰው በዚያው የፈረንጅ ዓመት ታኅሣሥ ነው። ባንኩ ያስጠናው ገለልተኛ ምርመራ እንዳሳየው፣ ሲስተሙ ሁለት የመረጃ ማዕከል እያለው ጫና የመሸከም ፈተናው የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። በ2022 መጨረሻ የተጣለበት ቅጣት 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ።

እኛም ለሁለተኛው ዙር መመለሻውን እንደ መሄጃው ፈተንነው። በሙሉ ቅጂ ላይ፣ በሰዓት እየለካን። መሄዱ ሦስት ሰዓት፣ መመለሱ አራት ሰዓት ፈጀ። ቢሮው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስለሚከፈት «እንመለስ» የሚለው ውሳኔ ከእሁድ ሌሊት 9 ሰዓት ማለፍ እንደሌለበት በግልጽ ታወቀ፤ አንድ ሰዓት ደግሞ ለመጠባበቂያ ያዝን። አሮጌዎቹን ዓምዶች ላለማጥፋትም ተስማማን። በማይኤስኪውኤል የሰንጠረዥ ቅርጽ የሚለውጥ ትእዛዝ ወዲያው ስለሚጸድቅ `ROLLBACK` ብሎ መመለስ አይቻልም፤ የጠፋ ዓምድ ከባክአፕ ካልሆነ ከየትም አይመጣም።

በልምምዱ አዲሱ ላይ ሦስት ነገር ሠራን። አንድ አዲስ አባል መዘገብን፣ 500 ብር አስገባን፣ ከሌላ ነባር አባል 200 ብር አወጣን። ከዚያ ወደ አሮጌው ተመለስን። አባሉ አለ፣ 500 ብሩ አለ፤ የወጣው 200 ግን አልተቀነሰም። የመመለሻው ፕሮግራም የሚያመጣው አዲስ የተጨመሩ ረድፎችን ብቻ ነበር። ገቢው እንደ አዲስ ረድፍ ሲመዘገብ ወጪው ግን የነበረውን ቀሪ ሒሳብ በቦታው ያሻሽላል፣ ፕሮግራሙም እንዲህ ያለውን ለውጥ አያይም። ሌላ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ፕሮግራሙ የተሻሻሉትንም እንዲይዝ ተደርጎ ልምምዱ ተደገመ፤ ሦስቱም ሲመለሱ ብቻ ቀን ቆረጥን። ከተዛወርን በኋላም አሮጌው ዳታቤዝ የወሩ ወለድ በሁለቱም በኩል ተሰልቶ እስኪገጥም ድረስ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ቆየ።