ለደብዛዛ የፊት ፎቶ፦ አንሻርፕ ማስክ ወይስ ሃይ ፓስ?

በባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ የምርቃት ፎቶ እንውሰድ። ተመራቂዋ ጥቁር ፀጉሯን ለቃ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማለች። ስልክ ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ኮምፒውተር ላይ 100% ሲከፈት ግን ፎከሱ ጆሮዋ ላይ አርፎ ዓይኖቿ ትንሽ ደብዝዘዋል። ፎቶሾፕ ውስጥ ለዚህ የሚያገለግሉ ሁለት የታወቁ ማጥሪያዎች አሉ።

የሁለቱም ስሌት አንድ ነው። ፎቶሾፕ የምስሉን ብዥ ያለ ቅጂ ይሠራና ከዋናው ላይ ይቀንሰዋል። የሚተርፈው የሽፋሽፍትና የቅንድብ ጠርዝ ነው። ያ ትርፍ ዋናው ላይ ሲደመር የጠርዙ ጨለማ ጎን ይጠቁራል፣ ብሩህ ጎኑ ይነጣል፤ ዓይናችን ምስሉ የጠራ ይመስለዋል። አዲስ ዝርዝር ግን አልተፈጠረም።

አንሻርፕ ማስክ ይህን በመላው ፎቶ ላይ በአንዴ ይሠራል። Amount የማጥራቱን ኃይል፣ Radius የጠርዙን ስፋት ይወስናል። Threshold ደግሞ ትንንሽ ልዩነቶችን ያሳልፋል፤ ቆዳ እንዳይሻክር የሚጠብቀው እሱ ነው። የእኛ ፎቶ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ዓይኑ ራሱ ስለደበዘዘ የጠርዙ ልዩነት ከብጉር ወይም ከቆዳ ቀዳዳ ልዩነት ብዙም አይበልጥም። ቆዳውን ለማዳን Threshold ከፍ ሲል ዓይኑም አብሮ ይታለፋል።

ሃይ ፓስ ያንኑ ትርፍ ግራጫ ሌየር አድርጎ ያሳያል። ሌየሩን በCtrl+J አባዝተን Filter > Other > High Pass እንከፍታለን። Radiusን ከ1 ጀምረን ሽፋሽፍቱ በቀጭኑ እስኪታይ እንጨምራለን፤ እዚህ ፎቶ ላይ 2 ገደማ ይበቃል። የፊቱ ቅርጽ መታየት ከጀመረ በዝቷል። ከዚያ የሌየሩን ሞድ Overlay እናደርጋለን። ግራጫው ይጠፋል፣ ጠርዙ ይቀራል። Overlay በጣም የጠቆረና በጣም የነጣ ቦታ ላይ ስለሚለዝብ ፀጉሯ ከግድግዳው የሚገናኝበት መስመር ላይ ነጭ ክር የመውጣቱ ዕድል ይቀንሳል። በመጨረሻም ጥቁር ማስክ ጨምረን ዓይን፣ ቅንድብና ከንፈር ላይ ብቻ በነጭ ብሩሽ እንቀባለን። ከበዛ Opacity መቀነስ ነው።

እርግጥ አንሻርፕ ማስክም በተባዛ ሌየር ላይ ተሠርቶ ማስክ ሊደረግለት ይችላል። የሃይ ፓስ ብልጫ የሚጠራውን አስቀድሞ ማሳየቱና ከOverlay ጋር መለዘቡ ነው። ስለዚህ አንድን ደብዛዛ ፊት ለማዳን ሃይ ፓስ ይመረጣል። ብዙ ፎቶ ለኅትመት ወይም ለስልክ ካነሰ በኋላ እኩል ለማጥራት ግን አንሻርፕ ማስክ ይፈጥናል።

ሽፋሽፍቱ ሁለት ሆኖ ከታየ ግን ካሜራው ወይም ተመራቂዋ ተንቀሳቅሳለች። ያን ጊዜ ሁለቱም የሚያጎሉት ድርቡን መስመር ነው፤ ሌላ ፎቶ መምረጥ ይሻላል።