ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለምን ተነሡ?

አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ከሚሠሩ ወገኖቻችን መካከል ሥራቸውን ይዘው ነርሲንግ የሚማሩ አሉ። ከሚሰጧቸው የቤት ሥራዎች አንዱ የአንድን ነዋሪ የመውደቅ ሥጋት መርምሮ የመከላከያ ዕቅድ መጻፍ ነው። ብዙ ተማሪ "ሥጋታቸው ከፍተኛ ስለሆነ በቅርብ ይከታተሏቸው" ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ግን ዕቅድ አይባልም። የሌሊት ተረኛዋ ወረቀቱን አንብባ ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም።

ለማሳያ ያህል አንዲት እናት እናስብ። 82 ዓመታቸው ነው፤ የልብ ድካምና የደም ግፊት አለባቸው። አእምሯቸው ንቁ ነው፤ የሚናገሩት ግን አማርኛ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከአልጋቸው አጠገብ ወድቀው ተገኙ።

ተማሪዋ መጀመሪያ የሞርስን መመዘኛ ትሞላለች። ቀደም ሲል መውደቅ 25 ነጥብ፣ ከአንድ በላይ ሕመም መኖሩ 15፣ የቤት ዕቃ እየተደገፉ መሄድ 30፣ የደከመ አረማመድ 10 ያሰጣል። በደም ሥር የሚንጠለጠል መድኃኒት ስለሌላቸውና አቅማቸውን ስለሚያውቁ በሁለቱ ጥያቄዎች ዜሮ ያገኛሉ። ድምሩ 80 ነው፤ ከ45 ጀምሮ ያለው በብዙ ቦታ ከፍተኛ ሥጋት ይባላል።

እዚህ ላይ መቆም ስሕተት ነው። መመዘኛው የተሠራው ለሆስፒታል ሕሙማን ነው። በመንከባከቢያ ቤት ከዘራ የሚይዝ (15)፣ ሁለት ሕመም ያለበት (15)፣ አረማመዱም የተበላሸ (20) ሰው አንድም ቀን ሳይወድቅ 50 ይሞላል። ሁሉም "ከፍተኛ" ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ማንንም ከማንም አይለይም። ብሪታንያ ውስጥ ናይስ የተባለው መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 የሆስፒታል ሕሙማንን የመውደቅ ሥጋት በእንዲህ ያለ ነጥብ መተንበይ እንዲቀር መክሯል። ነጥቡን መሙላት ግዴታ ከሆነ ይሞላ፤ ዋናው ጥያቄ ግን እኚህ እናት በዚያ ሰዓት ለምን ተነሡ የሚለው ነው።

ተማሪዋ በአማርኛ ጠየቀቻቸው። "ሽንቴ አጣድፎኝ ነው፤ ስነሣ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ልጆቹን ደግሞ በሌሊት ማስቸገር አልወድም" አሏት። ከዚህ አንድ መልስ ሦስት መንገድ ይከፈታል።

የመድኃኒት መዝገባቸውን ስታይ፣ ሽንት የሚያሸናው ላሲክስ ጠዋትና ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይሰጣቸዋል። ሌሊቱን የሚያስነሣቸው የምሽቱ ኪኒን ሊሆን ይችላል። ዓይናቸው የጨለመበትን ምክንያት ለማየት 5 ደቂቃ አስተኝታ ግፊታቸውን ለካች፤ 142 በ80 ሆነ። አቁማ በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ስትለካ ወደ 118 በ72 ወርዶ አገኘችው። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሰውነት ለመነሣቱ በቂ መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ የእሳቸው በ24 ወርዷል። የጥሪ ገመዱ ደግሞ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ወድቋል፤ ምን እንደሚሠራም በቋንቋቸው የነገራቸው የለም።

አሁን ዕቅዱ ራሱን ይጽፋል። ነርሷ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውላ የግፊቱን መውረድ ትነግራለች፤ የምሽቱ ላሲክስ ወደ ቀኑ 8 ሰዓት ይዛወር እንደሆነም ትጠይቃለች። መድኃኒቱን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። ረዳቷ ማታ 4 ሰዓትና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሳይጠሯት፣ መጸዳጃ ቤት ትወስዳቸዋለች። ከመቆማቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ 2 ደቂቃ ተቀምጠው እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በቁመታቸው ልክ የተስተካከለ መደገፊያ ይሰጣቸዋል። ገመዱ ልብሳቸው ላይ ይያያዛል፤ መጥራት ማስቸገር እንዳልሆነም አማርኛ የሚችል ሰው ያስረዳቸዋል። ግፊታቸው ከሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል፤ ዳግም ከወደቁ ግን ዕቅዱ በዚያው ቀን ይከለሳል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ "የአልጋውን ብረት ከፍ አድርጉልን" ይላል። ከጭንቀት የመጣ ጥያቄ ነውና አልፈርድበትም። ግን ሽንት ያጣደፈው ሰው ብረቱን ተሻግሮ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አወዳደቁ ከበለጠ ከፍታ ነው። በአሜሪካ ደንብም ሰውን በፈቃዱ ከአልጋው እንዳይወርድ የሚያግድ ብረት እንደ ማሰር ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ማስቀመጥም እግርን ያደክማል፤ የደከመ እግር ደግሞ ይጥላል።

እናትዎ ወይም አባትዎ ቤት ውስጥ ወድቀው ከሆነ፣ ጉዳታቸው ከታየ በኋላ በስንት ሰዓት እንደወደቁ፣ ወዴት ይሄዱ እንደነበርና ሲነሡ ምን እንደተሰማቸው ይጠይቋቸው። መልሳቸውን ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ጋር ጽፈው ለሐኪማቸው ይውሰዱ።